የሕንፃ ሜካኒካልና ኤሌክትሪክ ሥራ የዲዛይን መነሻ ማስታወሻ፦ ፕላኑ ሳይጸና እንዴት ይጻፋል?

አርክቴክቱ የመጀመሪያውን ፕላን ልኳል። ወለሎቹ አሉ፣ ደረጃው አለ፣ ሁለት ሊፍት አለ። መብራቱ በየት እንደሚገባ፣ ውሃው የት እንደሚጠራቀም፣ የምግብ ቤቱ ጭስ በየት እንደሚወጣ ግን የትም አልተጻፈም። የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በዚህ ሰዓት ከስዕል በፊት አንድ ነገር መላክ አለባቸው። አራት ወይም አምስት ገጽ የሆነ የዲዛይን መነሻ ማስታወሻ።

ማስታወሻው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ይህን ይህን ገምተናል። ስለዚህ ይህን ያህል ቦታ፣ ይህን ያህል ክብደትና ይህን ያህል ኃይል እንፈልጋለን። ግምታችን ካልተስማማችሁ እስከዚህ ቀን ንገሩን።» ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው። ያልተጻፈ ግምት እኮ አይጠፋም። አርክቴክቱ በራሱ ግምት ግድግዳ ይስልበታል፣ ስትራክቸራል መሐንዲሱ በራሱ ግምት ምሰሶ ያቆምበታል። ከዚያ በኋላ ቦታ መለመን ነው የሚቀረን።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንሂድበት። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምናየው ዓይነት ሕንፃ ይሁን። ሁለት ቤዝመንት አለው፣ እያንዳንዱ 600 ካሬ ሜትር። ከዚያ በላይ ጂ ፕላስ 9 ነው፣ እያንዳንዱ ወለል 500 ካሬ። ምድር ቤቱና አንደኛው ፎቅ ሱቅ ናቸው። ሁለተኛው ፎቅ ምግብ ቤት ነው። ከሦስተኛ እስከ ዘጠነኛ ያሉት ሰባት ወለሎች ቢሮ ናቸው። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን ሕንፃ በቦታው ተኩ።

1. መጀመሪያ ቦታውን ጻፉ

የማስታወሻው የመጀመሪያ ገጽ ስለ ሕንፃው ሳይሆን ስለ ቦታው ይናገር። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ይዘለዋል። «አዲስ አበባ መሆኑን ሁሉም ያውቃል» ይባላል። ሁሉም ያውቃል፣ ግን ስሌቱ ውስጥ የሚያስገባው ጥቂቱ ነው።

ከፍታውን በቁጥር ጻፉ። የእኛ ምሳሌ 2,400 ሜትር ላይ ነው እንበል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ይህ አንድ ቁጥር ጄኔሬተሩን፣ የውሃ ፓምፑንና የአየር ማራገቢያውን በሦስት የተለያየ መንገድ ይነካል። እያንዳንዱን በቦታው እንመለስበታለን።

ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎችን በአካል ሄዳችሁ መልሱ። የመብራት ኃይል 15 ኪሎ ቮልት መስመር በየትኛው ጎን ያልፋል? የውሃና ፍሳሽ የውሃ መስመር ስንት ኢንች ነው፣ በሳምንትስ ስንት ቀን ውሃ ይመጣል? የፍሳሽ መስመር በአካባቢው አለ ወይ፣ ካለስ ጥልቀቱ ስንት ነው? ሁለተኛውን ጥያቄ የጎረቤት ሕንፃ ጥበቃ ከማንም በተሻለ ይመልስላችኋል። «ማክሰኞና አርብ ሌሊት ነው የሚመጣው» ካለ፣ ያንን ቃል በቃል ጻፉት። ማን እንደነገራችሁና ቀኑንም ጨምሩ።

የፍሳሹ ጥልቀት የሚጠየቀው በቤዝመንቱ ምክንያት ነው። የከተማው መስመር ከቤዝመንቱ ወለል በላይ ከሆነ፣ ከታች ያለው ፍሳሽ በራሱ አይወጣም። ጉድጓድና ሁለት የፍሳሽ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፖቹም ከጄኔሬተሩ ጋር መያያዝ አለባቸው። መስመሩ ከናካቴው ከሌለ ደግሞ ሴፕቲክ ታንክ ይመጣል፣ የሚመጥጠው ቦቴ የሚቆምበትም ቦታ ይመጣል። ሁለቱም የአርክቴክቱን ፕላን ይለውጣሉ።

በዚሁ ገጽ የምትከተሉትን ኮድ በስሙ ጥቀሱ። ከኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዶች ውስጥ 9ኛው ስለ ቧንቧ ሥራ፣ 10ኛው ስለ ኤሌክትሪክ፣ 11ኛው ስለ አየር ዝውውርና ማቀዝቀዣ ነው። ሌላ አገር ስታንዳርድ ለአንዳንድ ነገር የምትጠቀሙ ከሆነ ለየትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። «በዓለም አቀፍ ስታንዳርድ መሠረት» የሚል ሐረግ ምንም አይናገርም፤ አውጡት።

2. ግምቱን እንደ ግምት ጻፉ

በኮንሴፕት ደረጃ ብዙው ቁጥር ግምት ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ችግር የሚመጣው ግምቱ እንደተረጋገጠ ቁጥር ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግምት አምስት ነገር ስጡት፦ ተራ ቁጥር፣ መጠን፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚያረጋግጠው፣ ቢለወጥ ምን እንደሚነካ። በእኛ ምሳሌ አንዱ እንዲህ ይነበባል፦

> ግምት 7። በቢሮ ወለሎች ለአንድ ሰው 10 ካሬ ሜትር ተይዟል፤ በድምሩ 350 ሰው። ምንጭ፦ የእኛ ልምድ፣ ባለቤቱ ተከራይ ገና አልለየም። የሚያረጋግጠው፦ ባለቤቱ፣ ከቀጣዩ ስብሰባ በፊት። ቁጥሩ ከተለወጠ የሚነካው፦ የውሃ ታንከር፣ የመጸዳጃ ብዛት፣ የኤሌክትሪክ ጭነት።

የመጨረሻዋ መስመር ናት ዋናዋ። ባለቤቱ «350 ሰው» ሲባል ዝም ብሎ ያልፋል። «ይህ ቁጥር ከጨመረ ከቤዝመንቱ መኪና ማቆሚያ ይቀነሳል» ሲባል ግን ስልክ ያነሳል።

ከሃያ እስከ ሠላሳ ግምት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ማንም አያነበውም። የሶኬት ቁመትና የመብራት ዓይነት በዚህ ደረጃ አይግቡ።

3. የኤሌክትሪክ ጭነቱን አንዴ በጥንቃቄ ደምሩ

በዚህ ደረጃ የክፍል ዝርዝር ስለሌለ በካሬ ሜትር ነው የሚሠራው። ለሱቅ 60 ዋት በካሬ ብንይዝ፣ 1,000 ካሬው 60 ኪሎዋት ይሆናል። ለቢሮ 50 ብንይዝ፣ 3,500 ካሬው 175 ይሆናል። ለቤዝመንት 10 ዋት ብንል 12 ኪሎዋት ነው። ለሁለቱ ሊፍት 22፣ ለውሃ ፓምፕ 6፣ ለቤዝመንት ማራገቢያ 15፣ ለሱቆችና ለሰርቨር ክፍሎች ማቀዝቀዣ 25 እንያዝ።

ምግብ ቤቱ ላይ ቆም በሉ። በካሬ ሜትር አባዝቶ ማለፍ እዚህ ያሳስታል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል። እንጀራው እዚያው የሚጋገር ከሆነና ስድስት ምጣድ ካለ፣ ጠዋት ጠዋት 21 ኪሎዋት ያለ ማቋረጥ ይሠራል። ምድጃው፣ ኦቨኑ፣ ፍሪጁና ዕቃ ማጠቢያው ገና አልተጨመሩም። ባለቤቱን በቀጥታ ጠይቁት፦ እንጀራው እዚህ ይጋገራል ወይስ ከውጭ ይመጣል? ምድጃው በጋዝ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ? መልስ እስኪመጣ ለምግብ ቤቱ 80 ኪሎዋት ይዘናል።

ድምሩ 395 ኪሎዋት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይሠራ በ0.7 እናባዛዋለን፣ 277 ይሆናል። ለወደፊት 20 በመቶ እንጨምራለን፣ 332። በ0.9 ፓወር ፋክተር ስናካፍለው 369 ኬቪኤ ይመጣል። 400 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ይበቃል ማለት ነው፣ ለጥቂት ቢሆንም።

አሁን ቤዝመንቱን አስቡ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የቤዝመንት መኪና ማቆሚያ የመኪና መሙያ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ዛሬ ባያነሳው ተከራዩ ነገ ያነሳዋል። ሰባት ሰባት ኪሎዋት የሚወስዱ አሥር መሙያዎች 70 ኪሎዋት ናቸው። ኃይሉን እያከፋፈለ የሚቆጣጠር ሲስተም ካለ ግማሹን፣ 35 ኪሎዋት ብንይዝ ያስኬዳል። ይህን በ277 ላይ ጨምረን ስሌቱን ስንደግመው 416 ኬቪኤ ይሆናል። 400ው አልበቃም፣ ወደ 500 ሄድን። ሃያ መሙያ ያለ መቆጣጠሪያ ቢባል ደግሞ 556 ይመጣል፣ ያኔ 630 ኬቪኤ ነው።

ማስታወሻው ውስጥ እነዚህን ሦስት ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ባለቤቱ ይምረጥ። እናንተ ግን አቋም ያዙ። የእኔ ምክር በዚህ ሕንፃ 500 ኬቪኤ መጠየቅና የሰብስቴሽኑን ክፍል 630 እንዲይዝ አድርጎ ማስፋት ነው። ትራንስፎርመር በኋላ ይቀየራል። ክፍል ግን አንዴ ከተሠራ አይሰፋም።

አንድ ማስታወሻ ስለ ከፍታ ጨምሩ። የተለመደው ትራንስፎርመር መጠኑ የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ያግዘዋል፣ ቢሆንም አምራቹ በ2,400 ሜትር ምን ያህል እንደሚሸከም በጽሑፍ ይመልስ።

4. ጄኔሬተሩ ላይ አትቸኩሉ

መጀመሪያ የሚወሰነው መብራት ሲጠፋ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ሁለት አማራጭ ስጡ። አንደኛው ሕንፃውን በሙሉ መሸከም። ሁለተኛው አስፈላጊውን ብቻ፦ አንድ ሊፍት፣ የውሃና የፍሳሽ ፓምፕ፣ የደረጃና የኮሪደር መብራት፣ የሱቅና የቢሮ መብራት፣ ሰርቨሮች፣ የምግብ ቤቱ ፍሪጅ፣ የቤዝመንት ማራገቢያ። በምሳሌያችን ሁለተኛው 120 ኪሎዋት ገደማ መጣ እንበል።

አሁን ከፍታው ይመጣል። ሞተሩ ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው፣ አየሩ ደግሞ ሳስቷል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል አቅም ይቀንሳል ተብሎ በግምት ይያዛል። በ2,400 ሜትር 24 በመቶ መሆኑ ነው። በተለጠፈበት የብረት ሳህን ላይ 150 ኬቪኤ ወይም 120 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈው ጄኔሬተር እዚህ 91 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። 120 ኪሎዋት በትክክል ለማግኘት ሳህኑ ላይ 200 ኬቪኤ የሚል ያስፈልጋል። ተርቦ ያለው ሞተር የሚቀንሰው ከዚህ ያነሰ ነው፣ መጠኑ ግን ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የአምራቹን ሠንጠረዥ ማየት ግድ ነው።

ይህን የምጽፈው ዋጋ ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሕንፃ ርክክብ ቀን፣ ጄኔሬተሩ ተነስቶ መብራቱን በደንብ ያዘ። ሊፍቱና የውሃ ፓምፑ አንድ ላይ ሲነሱ ግን ጥቁር ጭስ ተፋ፣ መብራቱ ደበዘዘ፣ ሊፍቱ ሁለት ፎቅ መካከል ቆመ። ውስጡ ሰው ነበር። አቅራቢው የሸጠው በትክክል የታዘዘውን ነው። በእኛ ወረቀት ላይ «2,400 ሜትር ላይ» የሚል ቃል አልነበረም። ሕንፃው ለወራት ሊፍቱንና ፓምፑን እያፈራረቀ ሠራ።

ስለዚህ ማስታወሻው ላይ የሚጻፈው የሳህን ቁጥር ሳይሆን በቦታው የሚፈለገው ኃይል ነው። «በ2,400 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ አየር፣ 120 ኪሎዋት፤ ትልቁ ሞተር ሲነሳም ቮልቴጁ ከሚፈቀደው በታች ሳይወርድ» ይበል። 30 ዲግሪው የጄኔሬተሩ ክፍል አየር ነው፤ ክፍሉ በደንብ ካልተነፈሰ ከዚያ በላይ ይሄዳል። የእሳት ማጥፊያው ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ትልቁ ሞተር ምናልባት እሱ ነው፣ አትርሱት።

5. ውሃውን ወደ መኪና ማቆሚያ ቀይሩት

ስለ ውሃ ስትጽፉ በሜትር ኪዩብ ብቻ አትቁሙ። አርክቴክቱና ባለቤቱ የሚያስቡት በቦታ ነው። ስትራክቸራሉ የሚያስበው በክብደት ነው። ቁጥሩን ወደየቋንቋቸው መልሱላቸው።

350 የቢሮ ሰው በቀን 45 ሊትር ቢጠቀም 16 ሜትር ኪዩብ ያህል ነው። ምግብ ቤቱ በቀን 300 ሰው ቢያስተናግድ፣ ለአንዱ 25 ሊትር ብንይዝ 7 ተኩል ይሆናል። ለሱቆቹ ሁለት እንጨምር። በጠቅላላው 25 ሜትር ኪዩብ በቀን። የጎረቤት ጥበቃው ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት እንደሚመጣ ነግሮናል። አርብ ሞልተን ማክሰኞ ሌሊት እስኪመጣ የአራት ቀን ማጠራቀም አለብን። 100 ሜትር ኪዩብ ሆነ።

ለእሳት ደግሞ በደቂቃ 1,500 ሊትር ለ30 ደቂቃ ብንይዝ 45 ሜትር ኪዩብ ነው። ይህ ግምት ነው፣ የከተማው የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት ነው የሚያጸድቀው። ማስታወሻው ላይም እንዲሁ ይጻፍ። የእሳቱ ውሃ ለመጠጥና ለመታጠቢያ ሲቀዳ እንዳያልቅ፣ የዕለት ፍጆታው ቧንቧ ከታንከሩ መሐል ከፍ ብሎ ይውጣ። የእሳቱ ከሥር ይውጣ። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልጻፋችሁት ሁለቱም ከሥር ሆነው ይሠራሉ።

በድምሩ 145 ሜትር ኪዩብ። የውሃው ጥልቀት 2.5 ሜትር ቢሆን 58 ካሬ ሜትር ወለል ይፈልጋል። አንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር ይይዛል፣ ስለዚህ ታንከሩ የአምስት መኪና ያህል ቦታ ወሰደ። አሁን ባለቤቱ የገባው ነገር አለ። «ሦስት ቀን ብናደርገውስ?» ይላል። መልሱ ዝግጁ ይሁን፦ አንድ ቀን መቀነስ 10 ካሬ ሜትር፣ ማለትም አንድ መኪና እንኳ በደንብ የማይሞላ ቦታ ይመልሳል። በምትኩ ውሃ በቀረ ቁጥር ቦቴ ይጠራል። የቦቴው ጉዳይ በማንኛውም ሁኔታ ይግባ። ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚሞላበት አንድ የቧንቧ አፍ ምድር ቤት ውጭ ግድግዳ ላይ ይያዝ፣ ቦቴው የሚቆምበትም ከሱቅ በር ፊት አይሁን።

ጣሪያ ላይ 10 ሜትር ኪዩብ ታንከር እንፈልጋለን። ይህ 10 ቶን ነው፣ የታንከሩን ማስቀመጫ ሳይጨምር። ለስትራክቸራሉ የት እንደሚቀመጥ በስዕል ምልክት አድርጉለት። «ጣሪያ ላይ ሮቶ ይኖራል» ማለት አይበቃውም። የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት ስለሚሠራ በሕንፃው ራስ ላይ ያለ ክብደት ቁጥሩን ይለውጥበታል።

ፓምፑ የት ይቀመጥ? እዚህም ከፍታው ይነካናል። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚስበው በከባቢ አየር ግፊት ነው። ባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት 10 ሜትር ያህል ውሃ ያነሳል። በእኛ ከፍታ 7.7 ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም በወረቀት። የቧንቧው ፍትጊያና የፓምፑ የራሱ ፍላጎት ሲቀነስ ከአራት ሜትር በላይ መሳብን አላምንም። መፍትሔው ቀላል ነው። የፓምፕ ክፍሉ በሁለተኛው ቤዝመንት ከታንከሩ ጎን፣ በታንከሩ ወለል ልክ ይሁን። ውሃው በራሱ ወደ ፓምፑ ይገባል። ታንከሩን ከቤዝመንት ወለል ሥር ቀብሮ ፓምፑን ላዩ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ ቦታ ይቆጥባል። ፓምፑ መሳብ አቅቶት ድምፁ እንደ ጠጠር ሲንኳኳ ግን ያንን የቆጠበው ቦታ አይመልሰውም።

6. አየሩን ከመስኮቱ ጀምሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮን በሙሉ በማቀዝቀዣ መሙላት አብዛኛውን ጊዜ አስፈላጊ አይደለም። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሙቀት የሚያመጣው ወደ ምዕራብ የዞረ ትልቅ መስታወት ነው። ስለዚህ የማስታወሻው የአየር ክፍል ለአርክቴክቱ የሚጻፍ ጥያቄ ነው።

በአንድ ጎን መስኮት ብቻ ያለው ክፍል፣ አየሩ ከኮርኒሱ ቁመት ሁለት እጥፍ እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ድረስ ይገባል ተብሎ ይያዛል። ኮርኒሱ 3 ሜትር ከሆነ ከ6 እስከ 7.5 ሜትር ማለት ነው። በሁለት ተቃራኒ ጎን መስኮት ካለ እስከ 15 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ወለል 20 በ25 ሜትር ነው፣ ሊፍቱና ደረጃው መሐል ላይ። ከመሐሉ እስከ መስኮቱ ስምንት ሜትር ያህል ነው። ጥቂት ያልፋል፣ ግን የቢሮ መከፋፈያው ዝግ ግድግዳ ካልሆነ ያስኬዳል። ማስታወሻው «የሚከፈቱ መስኮቶች ከሁሉም ጎን፣ በምዕራብ በኩል ጥላ» ይበል። ፊቱ በሙሉ የማይከፈት መስታወት ከሆነ ደግሞ ዋጋውን አብራችሁ ጻፉ፦ ማቀዝቀዣ፣ ጣሪያ ላይ የውጭ ማሽኖች፣ ትልቅ ትራንስፎርመር። ያኔ የላይኛው የጭነት ስሌት በሙሉ እንደገና ይሠራል።

ቤዝመንቱ ማራገቢያ ይፈልጋል። አንዱ ወለል 600 ካሬ ነው፣ ቁመቱ 3 ሜትር። 1,800 ሜትር ኪዩብ አየር በሰዓት ስድስት ጊዜ ቢቀየር 10,800 ሜትር ኪዩብ በሰዓት፣ ማለትም በሰከንድ 3 ሜትር ኪዩብ ነው። አየሩ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሄድ ለአንዱ ቤዝመንት 0.6 ካሬ ሜትር፣ ለሁለቱ 1.2 ካሬ ሜትር ሻፍት እስከ ውጭ ድረስ ያስፈልጋል። የመኪና ጭስ ለማስወጣት ከፍታው ይህን መጠን አይለውጠውም። ሙቀት ለማውጣት ግን ይለውጠዋል። የሳሳ አየር ሙቀት የሚሸከመው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ሲሦ ያህል ተጨማሪ አየር መንቀሳቀስ አለበት። የጄኔሬተር ክፍሉ የአየር መግቢያና መውጫ ከባሕር ወለል ካታሎግ ላይ ከተቀዳ ይጠባል።

የምግብ ቤቱ ጭስ በዚህ ሕንፃ የሚረሳው ነገር ነው ብዬ እገምታለሁ። ኩሽናው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጭሱ ሰባት የቢሮ ወለል አልፎ ጣሪያ ላይ መውጣት አለበት። ቱቦው ከነእሳት መከላከያው 80 በ80 ሴንቲሜትር የሚሆን ሻፍት ይፈልጋል። በየወለሉ 0.64 ካሬ፣ በሰባት ወለል 4.5 ካሬ ሜትር የሚከራይ ቦታ ነው። ባለቤቱ አሁኑኑ ይወቀው። ካልወደደው ምግብ ቤቱ ዘጠነኛ ፎቅ ይውጣ፣ ጭሱ አጭር መንገድ ያገኛል። ያኔ ሊፍቱና ውሃው ይታሰቡ። ይህን ውይይት ፕላኑ ላይ መስመር ሳይበዛ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ጭሱ በጎን ግድግዳ ይወጣል፣ የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ መስኮቱን መክፈት ይተዋል።

7. የክፍሎቹን ገጽ ለብቻው አድርጉ

አርክቴክቱ ከአምስቱ ገጽ አንዱን ብቻ ያነብ ይሆናል። ያ ገጽ ይህ ይሁን። ሰብስቴሽን፦ ምድር ቤት፣ 5 በ4 ሜትር፣ መኪና በሚደርስበት ጎን፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት። ዋናው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ክፍል፦ ከሰብስቴሽኑ አጠገብ፣ 4 በ4። ጄኔሬተር፦ 6 በ4፣ ሁለት ጎኑ ከውጭ አየር ጋር የሚገናኝ። ፓምፕና ታንከር፦ ሁለተኛ ቤዝመንት። የኤሌክትሪክና የውሃ ሻፍት፦ ከሊፍቱ አጠገብ፣ ከታች እስከ ላይ ሳይሰበር፣ ሁለቱ የተለያዩ።

እያንዳንዱን ክፍል አርክቴክቱ በላከው ፕላን ላይ በቀለም አስምራችሁ አያይዙ። ቁጥር በጽሑፍ ብቻ ሲሄድ ይረሳል፣ ቀለም የተቀባ ሳጥን ግን የሆነ ሰው «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። የምትፈልጉት ያንን ጥያቄ ነው። በተለይ የውሃ መስመር ከኤሌክትሪክ ሰሌዳ ክፍል በላይ እንዳያልፍ፣ ከላዩ ያለው ወለል መጸዳጃ መሆን አለመሆኑን በዚህ ገጽ ላይ ፈትሹ።

8. ላኩት፣ ከዚያ ተከታተሉት

የመጨረሻው ገጽ የጥያቄዎች ዝርዝር ነው። በምሳሌያችን ከአሥር አይበልጡም፦ እንጀራው የት ይጋገራል፣ መሙያ ስንት፣ ጄኔሬተር ሙሉ ወይስ ግማሽ፣ የማጠራቀሚያው ቀን፣ የመስኮቱ ዓይነት፣ የምግብ ቤቱ ፎቅ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚመልሰው ሰውና ቀን። መልስ በቀኑ ካልመጣ የትኛው ግምት እንደሚጸና አብራችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ጥያቄው ለወራት ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ማስታወሻውን ለአርክቴክቱ፣ ለስትራክቸራሉ፣ ለዋጋ ገማቹና ለባለቤቱ በአንድ መልእክት ላኩ። ለየብቻ ከላካችሁት አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማም። ቁጥር ስጡት፣ እትም 1። መልስ በመጣ ቁጥር የተለወጠውን መስመር ምልክት አድርጋችሁ እትም 2 አውጡ። የቀድሞውን አትሰርዙ፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይታይ።

በእኛ ሕንፃ እትም 2 ላይ አንድ መስመር ብቻ ተለውጣለች እንበል። ባለቤቱ እንጀራው ከውጭ እንደሚመጣ መልሷል። የምግብ ቤቱ ጭነት ከ80 ወደ 59 ወርዷል። ትራንስፎርመሩ ግን ያው 500 ነው፣ ምክንያቱም 416ቱ 396 ሆነ እንጂ ለ400 በቂ ክፍተት አልተገኘም። የሻፍቱ ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም። ከጎኑ ያለው ቀን ነገ ነው።